ጥላው የማን ነው? ተማሪዎቻችን የሳቷት አንዲት ጥያቄ



በመድረሳችን የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ላይ ለወጣቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ማዘጋጀት ከጀመርን ሰንበትበት ብሏል። የዘንድሮው ርእስ ሰማይ ነበር፤ ወቅቶች፣ የጨረቃ መልኮች፣ ግርዶሽ፣ የከዋክብት ልደትና ሞት። ከባዱ የከዋክብቱ ክፍል ይሆናል ብለን ገምተን ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሁላችንም በየወሩ ቀና ብለን የምናያትና ጾማችንንና ዒዳችንን የምንቆጥርባት ጨረቃ ናት ልጆቹን ያሰናከለቻቸው። ጥያቄዋ «ጨረቃ ከወር እስከ ወር መልኳን የምትለዋውጠው ለምንድን ነው?» የምትል ነበረች። ከመልሶቹ አንዱ «የመሬት ጥላ ስለሚያርፍባት» ይል ነበር፤ አብዛኞቹም የመረጡት ይህንኑ ነው። ስሕተት ነው። እውነቱን ለመናገር እኛም በተማሪነታችን ዘመን እንዲሁ እናስብ ነበር፤ ስለዚህ አልፈረድንባቸውም።

ይህ መልስ ስሕተት መሆኑን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ከወሩ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ውጭ ወጣ ማለት ይበቃል። ያን ጊዜ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች፤ ግማሿ የበራ ጨረቃ ደግሞ ከአናታችን ከፍ ብላ በምሥራቅ በኩል ትታያለች። የመሬት ጥላ ሁልጊዜ የሚወድቀው ከፀሐይ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ፀሐይም ጨረቃም ባንድ ጊዜ ከበላያችን ሰማይ ላይ እየታዩ የመሬት ጥላ እንዴት ብሎ ጨረቃ ላይ ሊያርፍ ይችላል? ጥላው በዚያ ሰዓት ከእግራችን ሥር ወደ ታች እያመለከተ ነው።

ታዲያ የጨለመው ግማሽ ምንድን ነው? የራሷ የጨረቃ ጀርባ ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ ፀሐይ ያበራችው ግማሽ ጎኗ ሁልጊዜ ብሩህ፣ ሌላው ግማሽ ሁልጊዜ ጨለማ ነው። የሚለዋወጠው እኛ ከብሩሁ ጎን ምን ያህሉን ለማየት እንደምንችል ብቻ ነው። በመሬትና በፀሐይ መካከል ስትሆን ብሩህ ጎኗ ወደ ፀሐይ ስለሚዞር ለእኛ ጀርባዋ ይደርሰናል፤ አናያትም። ወደ ጎን ፈቀቅ ስትል ከብሩሁ ጎን ቀጭን ጠርዝ ይታየናል፤ ሒላል ይህ ነው። መሬት በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትሆን ደግሞ ብሩሁን ጎን ሙሉውን እናያለን። ከአንዱ የማትታይበት ጊዜ እስከሚቀጥለው በአማካይ 29 ቀን ተኩል ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ የሂጅራ ወር አንዴ 29 አንዴ 30 የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

ይህን በቃል ብንናገር ብዙ ልጆች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አይገባቸውም። ስለዚህ የክፍሉን መስኮት ጋርደን አንድ የኩራዝ መብራት ጠረጴዛ ላይ በጭንቅላት ቁመት አስቀመጥን፤ አንዲት ተማሪያችንን ደግሞ ብርቱካን በእጇ አስይዘን እጇን ወደ ፊት ዘርግታ እንድትቆም አደረግን። መብራቱ ፀሐይ፣ ብርቱካኑ ጨረቃ፣ የእርሷ ራስ መሬት ነው። ፊቷን ወደ መብራቱ ስታዞር ወደ እርሷ ያለው የብርቱካኑ ጎን ጨለማ ነበር። ቀስ እያለች ወደ ግራዋ ስትዞር በቀኙ በኩል ቀጭን ብርሃን ብቅ አለ፤ ሩብ ስትዞር ግማሹ በራ። ጀርባዋን ለመብራቱ ስትሰጥ ግን ብርቱካኑ ጭልም አለ።

«ኡስታዝ፣ ሙሉ ጨረቃ መሆን ሲገባት ጠፋች እኮ!» አለችን።

«እስቲ እጅሽን ትንሽ ከፍ አድርጊው» አልናት።

ብርቱካኑ ከራሷ ጥላ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ በራ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጅቱ ሳታውቀው የጨረቃ ግርዶሽ አሳይታን ነበር! የመሬት ጥላ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና ሦስቱ አካላት በአንድ መስመር በሚሰለፉበት ጊዜ። በሌላው የወሩ ቀን ሁሉ የመሬት ጥላ በባዶ ሰማይ ላይ ተዘርግቶ ይውላል ያድራል።

በዚህ ጊዜ አንድ ሌላ ተማሪ ከኋላ ተነሥቶ «እንዲህ ከሆነ በየወሩ በ14ኛው ሌሊት ግርዶሽ ለምን አይሆንም?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ልጅቱ እጇን ከፍ ባደረገችው ላይ ነው። ጨረቃ መሬትን የምትዞርበት መንገድ መሬት ፀሐይን ከምትዞርበት ሜዳ ጋር እኩል የተነጠፈ አይደለም፤ ወደ 5 ዲግሪ ያህል አዘንብሏል። አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጨረቃ በአማካይ በ384 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስላለች፣ በዚያ ርቀት ያች ትንሽ መዘንበል እስከ 34 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ታደርጋታለች። የመሬት ጥላ ደግሞ እዚያ ሲደርስ ስፋቱ 9 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ወር ሙሉ ጨረቃ ከጥላው በላይ ወይም ከጥላው በታች አልፋ ትሄዳለች።

ሁለቱ መንገዶች የሚቆራረጡባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። የጥንት ሙስሊም የከዋክብት ሊቃውንት እነዚህን ነጥቦች «ራእስ»ና «ዘነብ»፣ ራስና ጅራት ማለት ነው፣ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ፀሐይ ከእነዚህ ነጥቦች በአንዱ አቅጣጫ የምትገኝበት ጊዜ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይመላለሳል፤ እያንዳንዱም አንድ ወር ከጥቂት ቀን ያህል ይቆያል። ግርዶሽ የሚሆነው በእነዚህ ወራት ውስጥ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ግርዶሾች ብቻቸውን አይመጡም፤ የፀሐይ ግርዶሽ ሲኖር ከሁለት ሳምንት በፊት ወይም በኋላ የጨረቃ ግርዶሽ ይኖራል፤ ምንም እንኳ ሁሉም ካለንበት አገር ባይታይ።

አሁን በዐይናችን ያየነውን አንድ ምሳሌ እናስላ። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 7 ቀን 2025፣ እሑድ ማታ ነው። ወሩ ረቢዐል አወል ተጋምሶ ነበር፤ ጨረቃ ሙሉ መሆኗን ከዚህ ብቻ እናውቃለን። ክረምቱ ባይወጣም ደመና ባልጋረደበት አካባቢ የነበረ ሰው፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ የጨረቃ አንድ ጎን መጨለም ሲጀምር አይቷል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ጥላው ውስጥ ገባች፤ 3 ሰዓት ከ52 ላይ መውጣት ጀመረች። 82 ደቂቃ መሆኑ ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? የጥላው ስፋት 9 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር፣ የጨረቃ ስፋት 3 ሺህ 474 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ሆና ልትጓዝ የምትችለው የሁለቱን ልዩነት፣ 5 ሺህ 700 ያህል ኪሎ ሜትር ነው። ጥላውን የምታቋርጠው በሰዓት 3 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ስለሆነ፣ በጥላው እምብርት ብታልፍ ኖሮ 100 ደቂቃ ያህል በቆየች ነበር። የዚያን ቀን ከእምብርቱ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ስላለፈች 82 ሆነ። ተማሪዎቻችን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያሰሉ ፊታቸው ላይ ያየነው ደስታ ከሽልማቱ ይበልጥ ነበር።

ጨረቃ በዚያ ሰዓት ለምን እንደ ፍም ቀላች የሚልም ጥያቄ ነበር። በመሬት ዙሪያ ያለው አየር የፀሐይን ብርሃን ጎንበስ አድርጎ ወደ ጥላው ውስጥ ያስገባል፤ ሰማያዊው ብርሃን በመንገድ ላይ ተበትኖ ሲቀር ቀዩ ያልፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ አድማሱን የሚያቀላው ምክንያት ይኸው ራሱ ነው።

የፀሐይ ግርዶሽ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጨረቃ በመሬትና በፀሐይ መካከል ገብታ ትጋርዳለች። ይህ ሊሆን የሚችለው ጨረቃ በማትታይበት ቀን፣ ማለትም በሂጅራ ወር መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም (ሰኔ 21 ቀን 2020 እ.ኤ.አ) በማለዳ በላሊበላ አካባቢ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ ስትታይ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ዒዱል ፊጥርን ያከበርነው ግንቦት 16 ቀን እሑድ ነበር። ከዚያ ቁጠሩ፤ ሰኔ 14 ሸዋል 29 ላይ ይውላል። ፀሐይ ከጨረቃ በስፋት 400 ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ ርቀቷም 400 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ ሁለቱ ለዐይናችን እኩል ይመስላሉ። ሆኖም የጨረቃ ርቀት ከወር እስከ ወር ይለዋወጣል። በዚያ ቀን ትንሽ ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ ለሙሉ መሸፈን አቃታት፤ ዙሪያዋን ቀለበት ተረፈ።

በታሪካችን ውስጥ የሚገኝ አንድ ግርዶሽም ይህንኑ ያስተምራል። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሕፃንነቱ በመዲና በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ፀሐይ የጨለመችው ለእርሱ ሞት ነው አሉ። አንድ ተራ መሪ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ወሬ ዝም ብሎ ያሳልፈው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በሐዘናቸው መካከል ሆነው፣ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ተአምራት እንደሆኑና ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ ገለጹ፤ ሰዎቹንም ወደ ሶላት መሯቸው። የዘመናችን የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ወደ ኋላ አስልተው ይህን ግርዶሽ በጥር 27 ቀን 632 እ.ኤ.አ ላይ ያገኙታል። በሂጅራ 10ኛው ዓመት የሸዋል ወር መጨረሻ ማለት ነው።

የታሪክ ጸሐፊው አል-ዋቂዲ ግን ኢብራሂም የሞተው ከወሩ በ10ኛው ቀን ነው ብሎ ዘግቦ ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የኖሩት ኢብኑ ተይሚያ ይህን ዘገባ አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው የፀሐይ ግርዶሽ ጨረቃ በምትሰወርበት በወሩ መጨረሻ እንጂ በሌላ ቀን የሚሆን አለመሆኑ ነው። ከወሩ በ10ኛው ቀን ጨረቃ ከፀሐይ እጅግ ርቃ፣ ከግማሽ በላይ በርታ በማታው ሰማይ ላይ ትገኛለችና! አንድ ተማሪ ብርቱካን ይዞ የሚያረጋግጠው ነገር አንድን የታሪክ ዘገባ ለመመርመር አገለገለ ማለት ነው።

ስለ ፀሐይ ግርዶሽ ካነሣን ዘንድ ወላጆችን አንድ ነገር አደራ እንላለን። በ2012ቱ ግርዶሽ በጭስ የጠቆረ ብርጭቆና የራጅ ፊልም ይዘው ወደ ፀሐይ የሚያዩ ሰዎችን አይተናል። እነዚህ ብርሃኑን ያደበዝዛሉ እንጂ ዐይንን የሚያቃጥለውን የማይታይ ጨረር በሙሉ አያግዱም፤ ጉዳቱ ደግሞ ሕመም የለውም፣ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መነጽር ከሌለ፣ ካርቶን በመርፌ ቀድቶ ፀሐይን ከኋላ በማድረግ በቀዳዳዋ ያለፈውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ይቻላል። የተጋረደችው ፀሐይ ምስል በወረቀቱ ላይ ይወጣል። ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ግርዶሽ ቅርጽ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የጻፉት በዚህች ትንሽ ቀዳዳ ላይ ነው። ጥላ ያለው ዛፍ ሥር ለሚቀመጥ ሰውማ ካርቶንም አያስፈልገው፤ በቅጠሎቹ መካከል የሚያልፈው ብርሃን መሬቱን በትናንሽ ሒላሎች ይሞላዋል።

ወደ ሒላል ከተመለስን፣ ከውጭ አገር መጻሕፍት የተቀዱ ሥዕሎች ልጆቻችንን ያሳስታሉ። በእነዚያ ሥዕሎች ሒላል እንደ ማጭድ ቆማ ትታያለች፤ የተሣሉት በሰሜን ርቀው ከሚገኙ አገሮች ሆነው ነውና። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይና ጨረቃ ወደ አድማስ የሚወርዱት ቀጥ ብለው ነው። ብርሃኑ ከሥር ስለሚመጣ የእኛ ሒላል በአብዛኛው እንደ ጀልባ ጋደም ትላለች፤ ቀንዶቿ ወደ ላይ ናቸው። በዒድ ካርዶች ላይ ደግሞ በሁለቱ ቀንዶች መካከል ገብታ የምትታይ ኮከብ አለች። ለጌጥ ይሁን፤ በሰማይ ላይ ግን ያ ቦታ ባዶ አይደለም፤ ያልበራው የጨረቃ አካል ስላለበት ኮከብ በዚያ በኩል ሊታይ አይችልም።

ስለ ወቅቶች የነበረው ጥያቄም በርካቶችን አሳስቷል፤ እርሱን ባጭሩ እንለፈው። በጋና ክረምት የሚፈራረቁት መሬት ከፀሐይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ አይደለም። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጥር መጀመሪያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሆና ነው፤ አውሮፓ ደግሞ በዚያ ጊዜ በብርድ ትንቀጠቀጣለች። ምክንያቱ የመሬት ዛቢያ በ23 ዲግሪ ተኩል ማዘንበሉ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን በራሱ ጥላ ሊያየው ይችላል። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ ግን ፀሐይ ከአናቱ አልፋ ወደ ሰሜን ስለምትሄድ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲመጣ የእኛ ክረምት ይገባል፤ ስለዚህ የእኛን ክረምት ብርዳማ የሚያደርገው ደመናውና ዝናቡ እንጂ የፀሐይ መራቅ አይደለም። የሂጅራ ዓመት ደግሞ 354 ቀን ገደማ በመሆኑ ከእነዚህ ወቅቶች ጋር አይታሰርም፤ ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል።

ከዋክብትን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ብቻ እናንሣ፤ ትልቅ ኮከብ ነው ረዥም ዕድሜ የሚኖረው ወይስ ትንሽ? ልጆቹ «ትልቁ፣ ብዙ ነዳጅ አለውና» አሉ። ግን ትልቁ ኮከብ ነዳጁን የሚያቃጥለው ከመጠኑ በላይ በፍጥነት ነው። ፀሐያችን 4 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ኖራለች፤ ወደ 5 ቢሊዮን የሚጠጋ ይቀራታል። ከዚያ አብጣ ትቀላለች፤ ውጫዊ አካሏን አራግፋ የመሬትን ያህል ትንሽና ነጭ ፍም ትሆናለች። ከፀሐይ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ግን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይፈነዳል። በ1006 እ.ኤ.አ ከተማሪነቱ ጀምሮ ሰማይን ይመለከት የነበረው የካይሮው ሐኪም ዐሊ ኢብኑ ሪድዋን በድንገት የበራ አዲስ ኮከብ አይቶ ቦታውንና ድምቀቱን ጽፎ አስቀምጧል። ዛሬ ተመራማሪዎች በዚያው ቦታ የተበተነ የኮከብ ቅሪት ያገኛሉ። እርሱ ያየው ኮከብ ግን ግዙፍ አልነበረም፤ ቀደም ብሎ የሞተ ነጭ ፍም ነበር፣ እንደገና ተቀጣጥሎ የፈነዳ። የከዋክብት ሞት ከአንድ ዐይነት በላይ መሆኑን ለሌላ እትም እናቆየው።

ለዚህ ወር ለእናንተ የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሰው በረመዷን 27ኛው ሌሊት ከተራዊሕ ሶላት ሲወጣ ከመስጊዱ በላይ ሙሉ ጨረቃ እንዳየ ተረከ። ቀኑን ተሳስቷል ወይስ ጨረቃዋን? በዚያ ሌሊት ጨረቃ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው አቅጣጫና በምን መልክ መታየት ነበረባት? ብርቱካንና መብራት ይዛችሁ ሞክሩና መልሳችሁን ከነምክንያቱ ላኩልን፤ ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው እትም እንገናኛለን።